እንደ ወፍጮ ቤት ከሩቅ፦ ከጣና ዳር የመጣ አንድ ቀረፃ

መልእክቱ የገባው ማታ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። «ጋሼ፣ ቀረፃዬ ጫጫታ በዝቶበታል፤ ድምፁም ከፍ ዝቅ ይላል። ያስተካክሉልኛል?» ይላል። ከሥሩ የአርባ ሰከንድ የቴሌግራም ድምፅ ተያይዟል።

ላኪዋ የድህረ ምረቃ ተማሪ ናት። ስለ ታንኳ አሠራር ታጠናለች። ከባሕር ዳር ወጣ ብላ፣ ሐይቁ ዳር፣ ዕድሜ ልካቸውን ታንኳ የሚሠራበትን ደንገል ሲያስሩ የኖሩ አንድ አባት አግኝታ 52 ደቂቃ አነጋግራቸዋለች። አሁን ቃል በቃል ወደ ጽሑፍ መገልበጥ ነበረባት። ግን የእሷ ጥያቄ ጆሮ ይበሳል፣ የሳቸው መልስ ደግሞ አይሰማም። ቮልዩም ስትጨምር ንፋሱ አብሮ ይጨምራል። ስትቀንስ አባባ ይጠፋሉ።

እኔ ከተማው ውስጥ ድምፅና ቪዲዮ እያስተካከልኩ ነው የምኖረው። የሠርግ ቪዲዮ፣ ማስታወቂያ፣ አንዳንዴም እንዲህ ያለ ቃለ መጠይቅ። የተላከውን ሰማሁና «ቀላል ነው» አልኩ። ሁለት ማታ የበላብኝ ይሄ «ቀላል ነው» ነው።

መጀመሪያ ያደረግሁትን ልናገር፣ ስህተቱ ብዙ ሰው የሚሠራው ስለሆነ። ከፍ ዝቅ የሚል ድምፅ ሲመጣ እጄ መጀመሪያ የሚሄደው ድምፁን ወደሚያስተካክለው ፊልተር ነው። ድምፅና ቪዲዮ በጽሑፍ ትእዛዝ በሚያስተካክለው ፕሮግራም፣ በ ffmpeg ውስጥ፣ `dynaudnorm` ይባላል። የተሰማው ዝቅ ሲል ያነሣል፣ ከፍ ሲል ይለቃል። ከሱ ቀጥሎ ጫጫታ የሚቀንሰውን `afftdn` ጨመርኩ፦

```
ffmpeg -i sample.ogg -af "dynaudnorm,afftdn=nr=20" out.wav
```

የወጣው ከመጀመሪያው የባሰ ነበር። አባባ ሲናገሩ ደህና ነው። ትንፋሽ ለመውሰድ ቆም ሲሉ ግን ከኋላቸው አንድ ነገር ሽቅብ ይመጣል፤ «ዱዱዱዱ» እያለ ያድግና መናገር ሲጀምሩ ተመልሶ ይሰምጣል። እንደገና ቆም ሲሉ እንደገና ይመጣል። ጫጫታው ራሱ የሚተነፍስ ይመስላል።

ነገሩ ግልጽ ነው፣ ካሰቡት። `dynaudnorm` ሰውና ጫጫታ አይለይም። ዝቅ ያለ ነገር ካገኘ ያነሣል፣ ያውም ካልከለከሉት እስከ አሥር እጥፍ፣ ማለትም እስከ 20 ዴሲቤል ድረስ። ሰው ዝም ባለበት ቦታ የቀረው ጫጫታ ብቻ ነው፤ ስለዚህ የሚነሣው እሱ ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው `afftdn` ደግሞ ጫጫታው በአንድ ደረጃ የረጋ ሲሆን ነው የሚሠራው። እኔ ከፊቱ አስቀድሜ ጫጫታውን ከፍ ዝቅ እያደረግሁ ሰጠሁት። በገዛ እጄ አበላሽቼ አስተካክል አልኩት። መጀመሪያ ይጸዳል፣ ከዚያ ነው ድምፅ የሚነሣው። ይህን አውቀዋለሁ፤ ግን የቸኮለ ሰው ያወቀውን ይረሳል።

ቅደም ተከተሉን ባገላብጠውም ያሰብኩትን ያህል አልዳነም። «ዱዱዱዱ» የሚለው ቀነሰ፤ ንፋሱ ግን ንቅንቅ አላለም። ያኔ ነው መሥራቱን ትቼ መጠየቅ የጀመርኩት።

«ጫጫታ» ብላ ነበር የጻፈችልኝ። ጫጫታ ምን ማለት ነው? ሰው ሲያወራ ነው? ሞተር ነው? ሽቦ ሲነካካ ነው? ሁሉም ጫጫታ ነው፤ መድኃኒታቸው ግን አንድ አይደለም። ስለዚህ እንዲህ ብዬ ጻፍኩላት፦ «ጫጫታ የሚለውን ቃል ሳትጠቀሚ ምን እንደሚመስል ንገሪኝ። ቤትሽ ውስጥ፣ መንገድ ላይ፣ ምን ነገር እንዲህ ይጮኻል? ሁልጊዜ አለ ወይስ መጥቶ ይሄዳል? በጆሮ ማዳመጫ ስሚው። በምን ቀዳሽ? ማይኩ የት ነበር? የላክሽልኝ ድምፅስ ከየት ወጣ?»

በማግስቱ የመጣው መልስ ይኸው፣ በእሷ ፈቃድ፦

«ሁለት ዓይነት ድምፅ አለ። አንደኛው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አያቋርጥም፤ ልክ ወፍጮ ቤት ከሩቅ ሲሰማ። ከእኛ መቶ ሜትር ያህል ርቆ ሽንኩርት የሚያጠጣ ፓምፕ ነበር፣ እሱ ይመስለኛል። ሁለተኛው መጥቶ ይሄዳል። ሰው ማይኩ ላይ እፍ ሲል እንደሚመጣው ነው፣ ቡፍ ቡፍ ይላል። ከሰዓት በኋላ ነበርና ከሐይቁ ንፋስ ይነፍስ ነበር። የቀዳሁት ስልክ ላይ በሚሰካ ገመድ አልባ የኮሌታ ማይክ ነው፤ ሁለት ማይክ አለው፣ አንዱ አባባ ጋቢ ላይ፣ አንዱ እኔ ጋ። የእኔው ስፖንጅ ከጀልባ ስወርድ ውሃ ውስጥ ወድቆብኛል። በጆሮ ማዳመጫ ስሰማው የሚገርመው አባባ በግራ ጆሮዬ ነው የሚሰሙኝ፤ ቡፍ ቡፉ በቀኝ ነው። የላክሁልዎት ፋይሉ ከብዶኝ ላፕቶፑ ላይ ከፍቼ ስልኬን አስጠግቼ የቀዳሁት ነው።»

ይህን ሳነብ ሳቅሁ፣ ትንሽም ተናደድኩ፤ በራሴ። መልሱ ሁሉ እዚህ ውስጥ ነው ያለው።

የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር አስቀድሜ ላንሣ። እኔ ሁለት ማታ የለፋሁበት ድምፅ የእሷ ቀረፃ አልነበረም። ቀረፃዋ ከላፕቶፕ ስፒከር ወጥቶ፣ ክፍሏ ውስጥ ተንጫጭቶ፣ በስልኳ ማይክ ገብቶ፣ ቴሌግራም እንደ ድምፅ መልእክት ጨምቆት ነው የደረሰኝ። የቴሌግራም የድምፅ መልእክት ደግሞ አንድ ቻናል ብቻ ነው። ግራና ቀኝ የሚባል ነገር እዚያ ላይ የለም። ዋናው ፍንጭ፣ ማለትም አባባ በግራ ንፋሱ በቀኝ መሆኑ፣ መንገድ ላይ ጠፍቶ ነበር። እሷ በቃል ባትነግረኝ ኖሮ ከዚያ ናሙና ዕድሜ ልኬን አላገኘውም ነበር።

ትክክለኛ ናሙና መላክ ከባድ አይደለም። ከዋናው ፋይል ላይ ሠላሳ ሰከንድ ሳይነካካ ይቆረጣል፦

```
ffmpeg -ss 00:12:40 -t 30 -i tana.wav -c copy sample.wav
```

`-c copy` ማለት ምንም ሳትለውጥ ቁረጥ ማለት ነው። ከዚያ በቴሌግራም ሲላክ በማይክ ምልክቱ ሳይሆን በማያያዣው፣ እንደ ፋይል ይላካል። ይህን ነገርኳት፣ ላከችው፤ ሠላሳ ሰከንዱ ውስጥ የሷ አንድ ጥያቄ፣ የአባባ መልስ፣ እና ሁለቱም ዝም ያሉበት ጥቂት ቅጽበት እንዲኖር አድርጋ ነው የመረጠችው። ቆይቶም ፍላሽ ይዛ መጥታ ሙሉውን ሰጠችኝ።

ሙሉውን ሳገኝ መጀመሪያ ሁለቱን ቻናል ለየብቻ ለካሁ፦

```
ffmpeg -i tana.wav -af "pan=mono|c0=c0,volumedetect" -f null -
ffmpeg -i tana.wav -af "pan=mono|c0=c1,volumedetect" -f null -
```

የመጀመሪያው ግራውን ብቻ ይወስዳል፣ ሁለተኛው ቀኙን። ግራው አማካዩ -31.4 ዴሲቤል፣ ከፍተኛው -8.9 ሆነ። ቀኙ አማካዩ -19.6፣ ከፍተኛው 0.0። ዜሮ ዴሲቤል ጣሪያው ነው። ከዚያ በላይ የሚጻፍበት ቦታ የለም፤ ንፋሱ ስፖንጅ የሌለውን ማይክ ሲመታ ድምፁ ጣሪያ ነክቶ ተቆርጧል። የተቆረጠ ድምፅ ደግሞ ፊልተር እንደነበረ አድርጎ አይመልሰውም። ግራው ግን ዝቅ ያለ ቢሆንም ጤነኛ ነው። ዝቅ ማለት በሽታ አይደለም፣ ይነሣል።

ነገሩ አሁን ተገለጠ። ይህ ዓይነቱ ማይክ አንዱን ሰው በግራ፣ ሌላውን በቀኝ ለይቶ የሚቀዳበት አማራጭ አለው፤ የሷ ሳታውቀው እዚያ ላይ ነበር። የሷ ቀረፃ አንድ የተበላሸ ቀረፃ ሳይሆን ሁለት ቀረፃ ነው፤ አንዱ ደህና፣ አንዱ የተጎዳ። ላፕቶፑ በስፒከር ሲያጫውተው ሁለቱ ክፍሉ ውስጥ ይቀላቀላሉ። ያኔ በቀኝ ያለው ንፋስ በግራ ያሉትን አባባ ይሸፍናቸዋል። «ድምፁ ከፍ ዝቅ ይላል» ያለችውም በአብዛኛው ይኸው ነው፤ የሷ ቻናል ከፍ፣ የሳቸው ዝቅ ብሎ ነው የተቀዳው።

ስለዚህ ትልቁ ሥራ ምንም ጫጫታ ማጽዳት አልነበረም። ቀኙን መጣል ነበር። ጥያቄዎቿስ? አባባ ጋቢ ላይ ያለው ማይክ ከአንድ ሜትር ተኩል ርቀት የሷንም ይሰማል፣ በቀጭኑ። በቂ ነው። `pan=mono|c0=c0` ብቻ ጨምሬ ሳዳምጥ ቡፍ ቡፉ ዘጠና በመቶ ጠፋ ብል አላጋነንኩም።

አሁን የቀረው ወፍጮ ቤቱ ነው።

የውሃ ፓምፕ ሞተር ለምን እንዲህ እንደሚያስቸግር ትንሽ ላብራራ። ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር፣ ባለ አራት ምት ከሆነ፣ በደቂቃ 3000 ጊዜ ሲዞር በሰከንድ 25 ጊዜ ይፈነዳል። ያ 25 ሄርዝ ነው፤ ከሰው ድምፅ በጣም በታች። ግን ሞተር በ25 ላይ ብቻ አይጮኽም። በ50፣ በ75፣ በ100፣ በ125፣ በ150፣ እያለ ወደላይ ይሰለፋል። የወንድ ድምፅ መሠረቱ ከመቶ ሄርዝ አካባቢ ይጀምራል። እንግዲህ ሞተሩ ከሥር ጀምሮ አባባ መሃል ድረስ ገብቷል ማለት ነው። የታችኛውን መቁረጥ ይቻላል፤ የላይኛውን ከቆረጥን ሰውየውንም ቆረጥን።

ስለዚህ ሁለት ደረጃ ያስፈልጋል። ታችኛውን `highpass` ይወስዳል። 90 ሄርዝ ላይ አቆምኩት፣ ሁለት ጊዜም ደገምኩት። አንዱ ብቻውን ወደታች እጥፍ በወረድን ቁጥር 12 ዴሲቤል ነው የሚቀንሰው፤ ሁለት ሲደረብ 24 ይሆናል። ይህ ወደ ግራው ሾልኮ የገባውን የንፋስ ትርፍራፊም ይወስዳል፤ የንፋስ ጉልበት ያለው ከሥር ነውና። 150 ላይ ባደርገው ይበልጥ ይጸዳ ነበር፣ ግን አባባ ቀጭን ሬዲዮ ውስጥ ያሉ ይመስላሉ። ሞክሬ ነው የምናገረው፤ ደረታቸው ጠፋ።

መሃል የቀረውን ነው `afftdn` የሚሠራው። ይህ ፊልተር የጫጫታውን መልክ ካወቀ ያንኑ መልክ ከሁሉም ቦታ ይቀንሳል። መልኩን የሚያውቀው ደግሞ ሰው የማይናገርበት ቦታ ስናሳየው ነው። ዕድለኛ ነበርን፤ ልጅቷ ቀረፃውን ካስነሣች በኋላ አምስት ሰከንድ ያህል ማንም አልተናገረም፣ ፓምፑ ብቻ ነው ያለው። «ከዚህ እስከዚህ ያለውን ስማና ጫጫታው ይህ መሆኑን ያዝ» ይባላል በኮማንድ። ከ0.5 ሰከንድ ያስጀመርኩት መጀመሪያ ላይ ስልኩ ሲነካ ስለሚንኳኳ ነው።

ምን ያህል ልቀንስ የሚለው ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው። `nr=30` ብዬ ጀመርኩ። ፓምፑ ድምጥማጡ ጠፋ። አባባ ግን ከውሃ በታች ሆነው የሚያወሩ መሰሉ፣ ቃላቸውም ይሸራረፋል። «ሰብስበን» ያሉት ቦታ ላይ ሁለቱም «ሰ» ተበልቶ «ብበን» ዓይነት ነገር ቀረ። «ሰ»፣ «ሸ»፣ «ፈ» የሚባሉት ድምፆች በራሳቸው ሹክሹክታ ናቸው፤ ለፊልተሩ ከጫጫታ አይለዩም። ቃል በቃል ለሚገለብጥ ሰው ይህ ከፓምፑ ይብሳል። ፓምፑ ያሰለቻል፣ የተበላ ፊደል ግን ያሳስታል።

ይህን በጆሮ ከመገመት የተሻለ መንገድ አለ። `afftdn` ላይ `om=n` ብለን ብንጨምር የጸዳውን ሳይሆን ያወጣውን ቆሻሻ ያሰማናል። በ30 ሳሰማው ቆሻሻው ውስጥ አባባ በሹክሹክታ ሲናገሩ ይሰማሉ፤ ከእጣቢው ጋር ሰውየውንም ደፍተናል ማለት ነው። ወደ 20 ወረድኩ፤ አሁንም አንዳንድ «ሰ» አለ። በ12 ላይ ቆሻሻው ውስጥ ፓምፕ ብቻ ቀረ። እዚያ ቆምኩ። ፓምፑ አሁንም በስሱ ይሰማል። ይሰማ! ሐይቅ ዳር ነው የተቀዳው።

ከዚህ በኋላ ነው ድምፅ ማስተካከሉ የሚመጣው፣ አሁን በቦታው። ግን ችግሩ ተገልብጧል። መጀመሪያ እሷ ጮክ ብላ እሳቸው ነበሩ ዝቅ ያሉት። ግራውን ብቻ ስንይዝ እሳቸው ቀርበው እሷ ራቀች። `dynaudnorm` እንዳለ ሲሆን ቀስ ብሎ ነው የሚለዋወጠው፤ በግማሽ ሰከንድ ክፍልፋይ፣ 31 ክፍልፋይ አንድ ላይ እያየ። ወደ አሥራ አምስት ሰከንድ ማለት ነው። የሷ ጥያቄ ደግሞ «እሺ፣ ከዚያስ?» ነው፣ ሁለት ሰከንድ አይሞላም። ፊልተሩ ሳያያት ታልፋለች። ስለዚህ ክፍልፋዩን ወደ 250 ሚሊሰከንድ፣ ብዛቱን ወደ 15 አወረድኩ፤ አሁን የሚያየው አራት ሰከንድ የማይሞላ ነው። ማንሣት የሚችለውንም ከአሥር እጥፍ ወደ አምስት ገደብኩት፣ ያ የሚተነፍሰው ፓምፕ እንዳይመለስብኝ። ከዚህም ቢያጥር አይጠቅምም፤ በእያንዳንዱ ቃል መሃል ከፍ ዝቅ ማለት ይጀምራል።

ሙሉው እንዲህ ሆነ፦

```
ffmpeg -i tana.wav -af "pan=mono|c0=c0,\
highpass=f=90,highpass=f=90,\
asendcmd=0.5 afftdn sn start,\
asendcmd=4.0 afftdn sn stop,\
afftdn=nr=12:nf=-40,\
dynaudnorm=f=250:g=15:m=5,\
loudnorm=I=-16:TP=-1.5" \
-ar 48000 ababa.wav
```

መጨረሻ ላይ ያለው `loudnorm` አጠቃላይ ከፍታውን በስልክ ለመስማት በሚመች ልክ ያደርገዋል። `-ar 48000` የሚለውን አትርሱ። `loudnorm` በውስጡ ድምፁ በሰከንድ የሚለካበትን ብዛት ወደ 192000 ጊዜ ስለሚያሳድገው፣ ካልመለሱት ፋይሉ ያለ ምንም ጥቅም አራት እጥፍ ያብጣል። አንዴ የደንበኛ ፍላሽ ሞልቶብኝ ነው ይህን የተማርኩት።

በፊት የሷን ጥያቄ ስትሰማ ቮልዩም ትቀንስ፣ የሳቸውን ስትሰማ ትጨምር ነበር። አሁን ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ትጽፋለች። አንድ ነገር ብቻ አልተስተካከለም።

ሠላሳ አንደኛው ደቂቃ ላይ አባባ ደንገሉ እንዴት እንደሚታሰር በእጃቸው ሊያሳዩ ይነሣሉ። ጋቢያቸውን ወደ ትከሻ ይመልሱታል። ማይኩ ያለው ጋቢው ላይ ነው። «ክርርር ኮሽ ኮሽ» ይላል፣ አሥራ አንድ ሰከንድ ያህል፣ በንግግራቸው ላይ። ይህን `afftdn` አይነካውም፤ የማይረጋ፣ መልኩ በየቅጽበቱ የሚለዋወጥ፣ እንደ ንግግር በሁሉም ከፍታ ላይ ያለ ድምፅ ነው። `highpass`ም አይነካውም። ብዙ ሞከርኩ፣ ሁሉም ቃሉን ይዞ ይሄዳል።

ያኔ የጣልነው ቀኝ ትዝ አለኝ። ያችን አሥራ አንድ ሰከንድ ከቀኙ ቻናል ብቻዋን ቆርጬ ሰጠኋት። አባባ ከሩቅ ናቸው፣ ግን ጋቢ የለም፤ ንፋሱም እዚያ ላይ ለጥቂት ሰከንድ አርፎ ነበር። ሁሉንም ጻፈችው፣ ከአንድ ቃል በቀር። አባባ የማሰሪያውን ገመድ ስም ሲጠሩ ቡፍ አለበት። እሷ አንድ ነገር ትሰማለች፣ እኔ ሌላ። ጽሑፏ ላይ «31:14፣ አይሰማም» ብላ በቅንፍ አስገብታ፣ ሲመቻት ተመልሳ አባባን ልትጠይቅ ይዛዋለች።